ጠዋት የተመቸ ጫማ ማታ ለምን ይገድላል?

"ጋሼ፣ ይሄ ጫማ ጠዋት እኮ ልክ ነበር!" ፒያሳ አካባቢ በልክ ጫማ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ይህን አቤቱታ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ተመልሶ ከሚመጣልኝ ጫማ ብዙው ሶሉ የተገነጠለ ወይም ቆዳው የተሰነጠቀ አይደለም። ገና ልኩ ሲወሰድ የተበላሸ ነው።

ትንንሾቹን ችግሮች ቶሎ ልጨርሳቸው።

ተረከዙ እየወለቀ ጣቱ ከተጨናነቀ፣ እግሩ ሰፊ ነው ማለት ነው። ባለቤቱ ግን ስፋት ሲቸግረው ርዝመት ገዝቷል። ቁጥር መጨመር አያድነውም፤ ጫማው የሚወጠርበት ቅርጽ፣ ፎርማው፣ ወርዱ ሰፋ ያለ መሆን አለበት።

አንዱ እግር ተመችቶት ሌላው ካመመው፣ አንዱን ብቻ ለክቷል። ሁለቱ እግሮች እኩል የሚሆኑት ስንቱ ላይ ነው? ሁለቱንም ለኩና በትልቁ ግዙ። ለትንሹ ንጣፍ ይገባለታል።

ሁለተኛው ጣት ጥፍሩ ከጠቆረ፣ ከአውራ ጣት ይረዝማል። የሚለካው እስከ ረጅሙ ጣት ነው፤ ሁልጊዜ እስከ አውራው አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው። ጠዋት ልክ የነበረው ጫማ 10 ሰዓት ገደማ መንከስ ይጀምራል። 12 ሰዓት ላይ ሰውዬው ታክሲ ውስጥ ማሰሪያውን ፈትቶ ተቀምጧል። "ብዙ በእግሬ ሄጄ ነው" ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ስላልሄደ ነው።

ደም ወደ እግር ሲወርድ ቁልቁለት ነው። ወደ ልብ ሲመለስ ግን ዳገት አለበት። ዳገቱን የሚያወጣው በአብዛኛው የባት ጡንቻ ነው። ስንራመድ ጡንቻው እየተኮማተረ ደም ሥሮቹን ይጨምቃል። ውስጣቸው ያሉት ትንንሽ ክዳኖች ደግሞ ወደ ላይ የሄደው ደም ተመልሶ እንዳይወርድ ይይዙታል። ቀኑን ሙሉ ከተቀመጥን ወይም አንድ ቦታ ከቆምን ይህ ፓምፕ ሥራ ይፈታል። ደሙ ታች ይጠራቀማል፣ በቀጫጭኖቹ ሥሮች ውስጥ ግፊቱ ይጨምራል፣ ፈሳሹም ቀስ እያለ ወደ ሥጋው ይሰርጋል። ሙቀት ሲጨመርበት ደም ሥሮቹ ስለሚሰፉ ይብሳል። ሌሊት ስንጋደም ፈሳሹ ይመለሳል። እንግዲህ ጠዋት የምትለኩት በቀኑ ውስጥ ከሁሉም ቀጭን የሆነውን እግራችሁን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ስትቆሙ ክብደታችሁ የውስጥ እግርን ጎድጓዳ ወደ ታች ይጫነዋል። እግር ይረዝማል፣ ጎኑም ይሰፋል። እብጠቱ የሚታየው በይበልጥ በዙሪያው ነው፤ ርዝመቱን የሚቀይረው መቆሙ ነው። ተቀምጦ፣ ያውም ጠዋት የለካ ሰው በሁለቱም ተታሏል።

አንድ ባንክ መስኮት ላይ የሚሠራ ልጅ ነበር። ልኩን በስልክ ነገረኝ። "25.1 ሴንቲ ሜትር፣ ዙሪያው 24.3።" እኔም ሰነፍኩና ሳልጠራው ሠራሁለት። ጥፋቱ የኔም ነው። የአውሮፓ ቁጥር አንዱ ደረጃ የሴንቲ ሜትር 2/3 ነው፤ ወደ 6.7 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ እግሩ ላይ ለጣት መንቀሳቀሻ 1.5 ሴንቲ ሜትር ጨምረን በ1.5 እናባዛለን። 25.1 ሲደመር 1.5፣ 26.6 ነው። በ1.5 ሲባዛ 39.9። 40 ቁጥር ሠራሁ።

በሳምንቱ እያነከሰ መጣ። ከሥራ ሲወጣ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አቁሜ ለካሁት። የቀኝ እግሩ ርዝመት 25.7፣ ዙሪያው 25.2 ሆነ። ግራው 25.4 ነበር። በ25.7 ስናሰላ 40.8 ይመጣል፤ 41 ማለት ነው። ዙሪያው ደግሞ በ9 ሚሊ ሜትር ጨምሯል። በፎርማ ላይ ከአንድ ቁጥር ወደ ቀጣዩ የሚጨምረው ዙሪያ ብዙ ጊዜ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ 41ም ብቻውን አይበቃውም ነበር። 41 ሆኖ ሰፋ ባለ ፎርማ ሠራሁለት። ጠዋት ምን ላይ ሆነህ ነው የለካኸው ብዬ ብጠይቀው "አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ" አለኝ።

እንግዲህ እንዲህ ለኩ። ከሰዓት፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁን። ከጫማው ጋር የምታደርጉትን ካልሲ አድርጉ። ሲሚንቶ ወይም ጣውላ ላይ ወረቀት አንጥፉ፤ ምንጣፍ ላይ አይሆንም። ተረከዛችሁን ግድግዳ አስነኩና በሁለት እግር ቁሙ። ጎንበስ ብላችሁ ራሳችሁ አትለኩ፤ ስታጎነብሱ ክብደታችሁ ይዛወራል። ሌላ ሰው ይለካላችሁ።

ለርዝመት ከረጅሙ ጣት ፊት መጽሐፍ ወይም ካርቶን በጠርዙ አቁሙ። ጣቱን ሲነካ ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጉና ከግድግዳው እስከ ምልክቱ ለኩ።

እርሳስ ይዛችሁ እግሩን አትዙሩ! ይህ እርሳስ ስንት ቆዳ አስጥሎኛል። ቀጥ ብሎ ቢያዝ እንኳ ጫፉ የሚያሰምረው ከእግሩ በግማሽ ውፍረቱ፣ ማለትም ወደ 3.5 ሚሊ ሜትር ራቅ ብሎ ነው። በወርድ ሁለት ጎን ስላለ 7 ሚሊ ሜትር ውሸት ይገባል። ወደ ውስጥ ካዘነበለ ደግሞ ያጠበዋል። ውጭ አገር ካለ ወንድም በቴሌግራም የሚላከው የእግር ስዕል ፎቶ ከዚህም ይብሳል፤ ካሜራው ትንሽ ካጋደለ የማንም እግር አይደለም።

ለስፋት ከአውራ ጣት ሥር ጎላ ያለውን አጥንትና ከትንሿ ጣት ሥር ያለውን ፈልጉ። መስመሩ ሰያፍ ነው፤ ቀጥ አድርጋችሁ ከለካችሁ ታሳንሳላችሁ። የልብስ ሰፊ ሜትር በሁለቱ አጥንቶች ላይ አዙሩ። ይንካ እንጂ አይጭመቅ። ክር አትጠቀሙ፤ ክር ይሳባል። እናቶቻችን ለልጅ ጫማ በስንጥር ለክተው መርካቶ ይወርዱ ነበር። ስንጥር አይሳብም፣ ግን ስለ ስፋት አንድም ቃል አይናገርም።

የተዘጋጀ ጫማ ስትገዙ ውስጡ ያለው ንጣፍ የሚወጣ ከሆነ አውጡትና ቁሙበት። ጎኑ ላይ እግራችሁ ከፈሰሰ ተዉት። ሻጩ "ይሰፋል ይሰፋል" ይላችኋል። የተፈጥሮ ቆዳ ወደ ጎን ትንሽ ይለጠጣል፤ ወደ ርዝመት ግን አይጠበቅም። ሰው ሠራሹማ የሚሰፋው ሲቀደድ ነው።

አንድ ነገር ግን ከጫማ ሰፊ በላይ ነው። አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ በተለይ ባቱ ካመመ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ። ትንፋሽ ካጠረማ አትቆዩ። በአውራ ጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ የሚቀር፣ ተኝታችሁ ስትነሱም ያልጎደለ እብጠት ቁጥር በመጨመር አይፈታም። ነፍሰ ጡር ሆናችሁ ፊትና እጅም ካበጠ እንደዚያው ሐኪም ቤት ሂዱ። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል፤ "አይቆረቁረኝም" ቢል አትመኑት፣ ለኩት።

የባንኩ ልጅ 41ን ለብሶ እየሄደ ነው። 40ውን ለታናሽ ወንድሙ ሰጠው። ባለፈው አልፎ ሲሄድ "ተመቸው?" ብዬ ጠየቅኩት። "ልክክ ነው ያለለት፣ ዛሬ ጠዋት ነው የሞከረው" አለኝ።