የሙሽራዋ ነጠላ ከሰማዩ ጋር ሲቀላቀል፦ የሮቶ ብራሽ ችግርና መፍትሄ

ሙሽራዋ ፋሲል ግንብ ፊት ለፊት ነጠላዋን ለብሳ እስክስታ ትመታለች። የሙሽሮቹን ስም በትልቁ ከጀርባዋ ማሳለፍ ፈልገናል። የቪዲዮ ማቀናበሪያው አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ፣ ሰውን ከጀርባው በሚለየው `Roto Brush` አረንጓዴ መስመር ስበን መረጥናት። መጀመሪያ ላይ ቆንጆ ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን ትከሻዋ ይቆረጣል፣ የነጠላው ጠርዝ ይንቀጠቀጣል።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

በ`Page Down` ፍሬም በፍሬም ሂዱና የት እንደሚበላሽ እዩ። ከኋላዋ የግንቡ ድንጋይ ሲሆን ጠርዙ ይይዛል። ትከሻዋ ከግንቡ በላይ ወጥቶ ነጩ ሰማይ ላይ ሲያርፍ ግን ይጠፋል። መሣሪያው ድንበሩን ለማግኘት የቀለምና የብርሃን ልዩነት ይረዳዋል። ነጭ ነጠላ ነጭ ሰማይ ላይ ሲያርፍ የሚይዘው ነገር ያጣል። የሚበላሸው እጇ በፍጥነት ሲወናጨፍ ብቻ ከሆነ ግን ጥፋተኛው የእንቅስቃሴው ብዥታ ነው።

ለነጭ በነጭ

የቪዲዮውን ቅጂ አውጡ። በ`Curves` የብሩሁን ክፍል ወደ ታች ጎትቱት፣ ነጠላው ከሰማዩ ጠቆር ብሎ እስኪለይ ድረስ። ከዚያ `Pre-compose` ውስጥ `Move all attributes` የሚለውን መርጣችሁ ምርጫውን በዚህ ቅጂ ላይ ሥሩ። ሌላ ያልተነካ ቅጂ ከስሙ በላይ አስቀምጡና የጠቆረውን `Alpha Matte` አድርጉለት። ሰው የሚያየው ያልተነካውን ምስል ነው። የጠቆረው ቅጂ የሚሰጠው ቅርጹን ብቻ ነው። ሲቀረጽ ሰማዩም ነጠላውም በብርሃን ተቃጥለው ከሆነ ግን ይህም አያድንም። ያን ትከሻ በ`Pen Tool` በእጅ መከተል ነው።

እርማቱ ሲፈርስ

እኔ አንድ ጊዜ 60ኛውን ፍሬም አሳምሬ ወደ 30ኛው ተመለስኩ። 30ኛውን ሳስተካክል ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እንደገና ተሰላ፤ ልፋቴ መና ቀረ። እርማት የሚፈሰው መጀመሪያ መስመር ከተሳበበት ከመነሻው ፍሬም እየራቀ ነው። ስለዚህ ከመነሻው ጀምራችሁ መጀመሪያ የተበላሸውን ፍሬም ፈልጉ፣ እሱን አርሙ፣ ከዚያ ቀጥሉ። ተርፎ የተመረጠውን ለመቀነስ `Alt` ይዛችሁ ሳቡ። መነሻ ስትመርጡ ክንዷ ከወገቧ ተለይቶ የሚታይበትን ፍሬም ውሰዱ።

ስስ ጠርዝና ብዥታ

ለስሱ ጠርዝና ለሚወናጨፈው እጅ `Refine Edge` አለ። ነገር ግን ሙሉዋን ሙሽራ በእሱ አትዙሩ። የኋላው ምስል ያው የቪዲዮው የራሱ ግንብ ስለሆነ፣ የጠርዙ ስህተት የሚታየው የስሙ ፊደል በሚያልፍበት ቦታ ብቻ ነው። የቀሚሷ ጫፍ ጋ ፊደል ካልደረሰ እዚያ ጊዜ አትጨርሱ። በዚሁ ምክንያት ስሙን ከሰማዩ አውርዳችሁ ድንጋዩ ላይ ብታሳልፉት የትከሻው ጣጣ ግማሹ ይቀንሳል። እኔ አሁን መጀመሪያ የምሞክረው እሱን ነው።

ሁሉም ሲያምር `Freeze` ተጫኑ፣ ምርጫው በየጊዜው እንዳይሰላ።