ማስታወቂያው ተጨመረ፣ ሽያጩ ግን ባለበት ቆመ፦ ተጨማሪው በጀት ወዴት ይሂድ?

ምልክቱ

ሒሳቡን የምይዝለት የፍራሽ መደብር ኮምቦልቻ ውስጥ ነው፤ ደሴም ድረስ ያደርሳል። በፌስቡክና በአካባቢው ራዲዮ ያስተዋውቃል፤ ለእያንዳንዳቸው በሳምንት 6,000 ብር ይከፍላል። የመጣውን ገዢ ሁሉ በየት እንደሰማ ጠይቀን እንመዘግባለን። በፌስቡክ በሳምንት 34 ገዢ ይመጣል፤ አንዱ 176 ብር ገደማ ያስወጣል ማለት ነው። በራዲዮ 16 ይመጣል፤ አንዱ 375 ብር። ባለቤቱ ተጨማሪ 6,000 ብር ሲያገኝ «በርካሽ የሚያመጣው ፌስቡክ ነው፤ እዚያው ጨምሩ» አለ። የፌስቡኩ ወጪ 12,000 ብር ሆነ፤ ገዢው ግን 37 ላይ ቆመ። ለ3 ሰው 6,000 ብር ወጣ።

ምክንያቱ

176 ብር አማካይ ነው። በአማካዩ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ብሮች በቀላሉ የመጡት ገዢዎች ዘግይተው የመጡትን ውድ ገዢዎች ይሸፍኗቸዋል። የበጀት ጥያቄ ግን ስለ ቀጣዩ ብር ነው።

የቀድሞውን መዝገብ ገልጠን ስናይ ነገሩ ገሃድ ወጣ። ፌስቡክ በ2,000 ብር 20 ገዢ፣ በ4,000 ብር 30፣ በ6,000 ብር 34 ነበር ያመጣው። ሁለተኛው 2,000 ብር 10 ሰው ሲያመጣ ሦስተኛው 4 ብቻ አመጣ፤ አንዱ 500 ብር። ራዲዮው በ3,000 ብር 9፣ በ6,000 ብር 16 ገዢ ነበረው፤ የመጨረሻው 3,000 ብር 7 ሰው አመጣ፤ አንዱ 429 ብር ገደማ። ስለዚህ በአማካይ ርካሽ የነበረው ፌስቡክ በመጨረሻው እርከን ከራዲዮው ይወደድ ነበር።

የፌስቡክ ማስታወቂያ መቆጣጠሪያ ገጹም ይህንኑ ያሳያል። `Reach` የሚለው ማስታወቂያው የደረሳቸውን ሰዎች ብዛት፣ `Frequency` ደግሞ አንዱ ሰው በአማካይ ስንት ጊዜ እንዳየው ይነግራል። ገንዘብ ሲጨመር የመጀመሪያው ባለበት ቆሞ ሁለተኛው ብቻ ከወጣ፣ ማስታወቂያው አዲስ ሰው አላገኘም፤ ያንኑ ሰው ደጋግሞ እየጠራ ነው። እኛ የገጠመን ይኸው ነው። እንዲህ ሲሆን ምስሉን መቀየር ወይም ሌላ ዓይነት ተመልካች መፈለግ ይሻላል፤ ብር መጨመር አይፈታውም።

መፍትሄው

በመጀመሪያ አንድ ፍራሽ ከመግዣ ዋጋና ከማጓጓዣ በኋላ ምን እንደሚያተርፍ እወቁ። የእኛ 700 ብር ነው፤ የመጨረሻው ገዢ ከዚህ በላይ ካስወጣ ኪሳራ ነው። ከዚያ በእያንዳንዱ የማስታወቂያ መንገድ ወጪውን በእርከን ቀይሩ፤ እያንዳንዱን እርከን አራት ሳምንት አቆዩና በሁለቱ እርከኖች መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ አካፍሉ፦

```
የአንድ ተጨማሪ ገዢ ዋጋ = የተጨመረው ብር ÷ የተጨመረው ገዢ
```

ፌስቡኩን ወደ 6,000 መልሰን ራዲዮውን 9,000 ስናደርገው ገዢው ከ16 ወደ 21 ወጣ። አምስቱ እያንዳንዳቸው 600 ብር አስወጥተዋል፤ ከ700 በታች ስለሆነ ተቀበልነው። ከዚያ በላይ አልሄድንም፤ ቀጣዩ እርከን በዚሁ አካሄድ 700ን ማለፉ አይቀርም ብለን ነው።

ቁጥሩ ሲያታልል

በሳምንት የአራት አምስት ገዢ ልዩነት በዕድልም ይመጣል፤ እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ስለዚህ እርከኑ ቢያንስ አሁን ካለው ወጪ ግማሽ ያህል ይሁን፤ ወጪውን አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ አድርጋችሁ ድገሙት፤ ውጤቱ ሁለቴ ወደ አንድ አቅጣጫ ካልጠቆመ አትመኑት። የኢድና የጥር የሠርግ ሳምንታትን ከሌላው ጋር አታወዳድሩ፤ ያኔ ፍራሽ ያለ ማስታወቂያም ይሸጣል።

ደሴ ላይ ጨምረን ኮምቦልቻን ሳንነካ እናወዳድር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ለድምፅ ማጉያ መኪና ይሠራል። ለራዲዮ አይሠራም፤ ሁለቱም ከተሞች ይሰሙታል። ለፌስቡክም ያስቸግራል፤ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚራራቁ በየቀኑ የሚመላለሰው ሰው ደሴ ያየውን ይዞ ኮምቦልቻ ይገዛል።

ቀሪውን 3,000 ብር በሁለቱም መንገዶች ላይ አላዋልነውም። ማስታወቂያችን ደርሶ በማያውቅበት በሐይቅ ከተማ የድምፅ ማጉያ መኪና ልንሞክርበት ነው፤ እዚያ የሚወጣው ብር ገና የመጀመሪያው ብር ነውና።