ተጠባባቂ ሆነው ሲመዘገቡ የጂም ክሬዲትዎ እንዳይበላ እንዴት ያደርጋሉ?

በክሬዲት ፓኬጅ በሚሠራ ጂም ክሬዲት ሳይታሰብ የሚበላው ብዙውን ጊዜ ሰው ራሱ ይዞት በረሳው ክላስ አይደለም። ሞልቶ የነበረ ክላስ ላይ ተጠባባቂ ሆኖ ተመዝግቦ፣ «አይደርሰኝም» ብሎ ከተወው በኋላ ሲስተሙ ሌሊት በራሱ ሲያስገባው ነው። ይህ እንዳይሆን ሁለት ሰዓቶችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚቻልበት የመጨረሻ ሰዓት ነው፤ ሁለተኛው ሲስተሙ ተጠባባቂዎችን ማስገባት የሚያቆምበት ሰዓት ነው። ችግሩ ያለው በሁለቱ መካከል ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያለ አንድ ጂም እንውሰድ። 10 ክሬዲት ያለው ፓኬጅ 2,500 ብር ነው እንበል፤ ስለዚህ አንዱ ክሬዲት 250 ብር ያወጣል። ማክሰኞ ጠዋት 12:30 ላይ ኤሮቢክስ አለ፤ ቦታው 16 ነው፣ ሞልቷል። የስረዛው ገደብ ክላሱ ሊጀመር 12 ሰዓት ሲቀረው ያበቃል፤ ሲስተሙ ደግሞ ክላሱ ሊጀመር 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ተጠባባቂ ያስገባል። ቁጥሮቹ ከጂም ጂም ይለያያሉ፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

1. ፓኬጅ ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ

የስረዛው ገደብ ስንት ሰዓት ነው? ተጠባባቂ በራሱ የሚገባው እስከ ስንት ሰዓት ድረስ ነው? ከገደቡ በኋላ የገባ ተጠባባቂ ያለ ቅጣት የሚወጣበት የተወሰነ ደቂቃ አለው? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። አንዳንድ ጂሞች ከገደቡ በኋላ ማንንም በራሱ አያስገቡም፤ መልእክት ልከው «እመጣለሁ» ያለውን ብቻ ይመዘግባሉ። እንዲህ ያለ ጂም ከሆነ ከዚህ በታች ካለው አብዛኛው አያሳስብዎትም።

2. ሰዓቱን ወደ እኛ አቆጣጠር ይቀይሩት

አብዛኞቹ አፖች የሚያሳዩት የፈረንጅ ሰዓት ነው። `6:30 AM` የሚለው የእኛ ጠዋት 12:30 ነው። `12:30 AM` ደግሞ ጠዋት ሳይሆን ሌሊት 6:30 ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀኑም ያምታታል። ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 7 ሰዓትን እኛ ገና እንደ ሰኞ ሌሊት እናየዋለን፤ አፑ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ማክሰኞ ብሎ ጽፎታል።

ገደቡ 12 ሰዓት ከሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ቁጥሩ አይለወጥም፣ ጠዋቱ ወደ ምሽት ብቻ ይቀየራል። የማክሰኞ ጠዋት 12:30 ክላስ በነጻ የሚሰረዘው እስከ ሰኞ ምሽት 12:30 ነው። ተጠባባቂ ማስገባቱ የሚቆመው ደግሞ ከሌሊቱ 10:30 ላይ ነው። ስለዚህ ከሰኞ ምሽት 12:30 እስከ ሌሊቱ 10:30 ባሉት 10 ሰዓታት ውስጥ ከገቡ፣ የገቡት ቅጣቱ ከጀመረ በኋላ ነው ማለት ነው።

3. ተጠባባቂ ሲሆኑ ወዲያው ማንቂያ ይሙሉ

`Join Waitlist` የሚለውን ሲጫኑ በአብዛኛው ሲስተም ክሬዲት አይቀነስም፤ የሚቀነሰው ቦታ ሲያገኙ ነው። ሰው የሚዘናጋውም ስላልተቀነሰበት ነው። በዚያው ቅጽበት ስልክዎ ላይ ከገደቡ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ የሚጮህ ማንቂያ ይሙሉ፤ በእኛ ምሳሌ ሰኞ ከቀኑ 12 ሰዓት ላይ። ከዚያ በላይ ማስቀደሙ አይጠቅምም። ሰዎች ክላሳቸውን የሚሰርዙት ቅጣቱ ሊጀምር ሲል በመሆኑ ወረፋው በብዛት የሚንቀሳቀሰው በዚያች የመጨረሻ ሰዓት ውስጥ ነው። እሑድ ሦስተኛ የነበረ ተጠባባቂ ሰኞ አመሻሽ ላይ አንደኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

4. ማንቂያው ሲጮህ ይወስኑ

ጥያቄው «ይደርሰኝ ይሆን?» አይደለም። «ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቢያስገባኝ ጠዋት እገኛለሁ?» ነው። መልሱ አዎ ከሆነ ይቆዩ። ካልሆነ፣ ወይም እርግጠኛ ካልሆኑ፣ ስምዎን ከዝርዝሩ ያውጡ፤ ከተጠባባቂነት መውጣት ገና ቦታ እስካልደረሰዎት ድረስ አያስቀጣም።

ለሥራ ደጀን ሄዶ ያደረ ሰው ይህን ቢዘነጋ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሰኞ ምሽት ከገደቡ በፊት ሁለት ሰዎች ሰርዘው አንደኛ ተጠባባቂ ሆኗል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የታመመ ሰው ይሰርዛል፤ ገደቡ ስላለፈ ያ ሰው ክሬዲቱን ያጣል። ሲስተሙ በዚያው ደቂቃ ደጀን ያለውን ሰው ያስገባና ከሱም አንድ ክሬዲት ይቀንሳል። ኖቲፊኬሽኑን ያየው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው፤ ክላሱ ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። በአንድ ቦታ ሁለት ሰው 250፣ 250 ብር ከሰረ፤ ምንጣፉም ባዶ ሆኖ ቀረ። አንዳንድ ጂም ቦታው በሌላ ሰው ከተያዘ ለሰረዘው ክሬዲቱን ይመልሳል፤ የታመመው ሰው ይህን እንግዳ መቀበያው ላይ ቢጠይቅ መልካም ነው።

በሁለት ክላስ ላይ ተጠባባቂ መሆንም አደጋ አለው። ሲስተሙ በአንድ ሰዓት ሁለት ቦታ እንዳይያዝ ቢከለክልም፣ የጠዋት 12:30 እና የ1:30 ክላስን ግን ሁለቱንም ሊያስገባዎት ይችላል። አንዱ ሲደርስዎ ከሌላው ራስዎ ይውጡ። የቀረዎት አንድ ክሬዲት ብቻ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የተከፈተው ይወስደዋል፤ ሁለተኛው ተራዎን አልፎ ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል።

5. ከገደቡ በኋላ ከገቡና መሄድ ካልቻሉ

ያም ሆኖ ይሰርዙ። `Late Cancel` ሲል ክሬዲቱ ይሄዳል፤ ሳይሰርዙ ሲቀሩ ግን `No Show` ተብሎ ይመዘገባል፤ ብዙ ጂሞች ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ ያስከፍላሉ ወይም ቦታ የመያዝ መብትን ለተወሰነ ቀን ያግዳሉ። ቶሎ መሰረዝዎ ለሚቀጥለው ተጠባባቂም ዕድል ይሰጣል። ከዚያ እንግዳ መቀበያውን ሲያነጋግሩ የገቡበትን ሰዓት የሚያሳየውን መልእክት ፎቶ አንሥተው ይያዙ። «ከገደቡ በኋላ ሲስተሙ ነው ያስገባኝ» የሚለው ቅሬታ ሰዓቱ ከታየ ሠራተኛው ክሬዲቱን በእጁ ሊመልስ የሚችልበት ጉዳይ ነው።

የሄዱ እንደሆነ ደግሞ ሲገቡ ስምዎ መመዝገቡን ያረጋግጡ። ክላሱን ሠርቶ የወጣ ሰው እንኳ በር ላይ ካልተመዘገበ ሲስተሙ እንደ ቀረ ይቆጥረዋል።

6. የተመለሰው ክሬዲት መቼ እንደሚያበቃ ይዩ

በጊዜው ሲሰርዙ ክሬዲቱ የሚመለሰው ወደ ወጣበት ፓኬጅ ነው፤ አዲስ ዕድሜ አያገኝም። ፓኬጁ ሊያበቃ ሁለት ቀን ቀርቶት ከሆነ የተመለሰውም የሚኖረው ሁለት ቀን ነው። የ30 ቀን ፓኬጅ በእኛ አቆጣጠር ለማስታወስ ይመቻል፤ መስከረም 5 የተገዛ ጥቅምት 5 ላይ ያልፋል። ጳጉሜን ሲያቋርጥ ግን ይፈርሳል። ነሐሴ 20 የተገዛው የሚያልፈው መስከረም 20 ሳይሆን መስከረም 15 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ደግሞ መስከረም 14። በበዓሉ ሰሞን ጂሙ የሚዘጋባቸውን ቀናት ለፓኬጁ ይጨምር እንደሆነ ነሐሴ ላይ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ።