ጠፋ ሲሉት ተመልሶ የሚነሳ እሳት፦ ለዘይት፣ ለመብራትና ለቤንዚን የቱ ማጥፊያ ይሻላል?

ቦታው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ወሩ ረመዳን። ለአፍጥር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀር ስልኬ ጮኸ። ሳምቡሳ ጠብሰው የሚሸጡ እናት ናቸው። «ልጄ፣ የሞላህልኝ እሳት ማጥፊያ ብልሽት አለበት። ሁለቴ አጠፋን፣ ሁለቴ ተነሳ» አሉኝ።

ስደርስ እሳቱ የለም። ግድግዳው፣ መደርደሪያው፣ የተጠቀለለው ሳምቡሳ ሁሉ ከማጥፊያው በወጣ ነጭ ዱቄት ተሸፍኗል። ባለ 6 ኪሎው ቀይ ሲሊንደር ባዶውን ወለሉ ላይ ተጋድሟል። መጥበሻው ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ አክምባሎ ተደፍቶበታል። እሱን ያመጣችው የጎረቤት ልጅ ናት። እሳቱን ለይቶለት ያጠፋውም አክምባሎው ነው።

ሲሊንደሩን ፈትሼ ምንም እንከን አላገኘሁበትም። ጥፋቱ የኔው ነበር። ስሞላላቸው ምን እንደሚጠብሱ አልጠየቅኳቸውም። የዚያን ቀን የታዘብኩትን ከችግሩ ተነስቼ ልንገራችሁ።

ችግር፦ የዘይቱ እሳት ይጠፋል፣ ወዲያው ተመልሶ ይነሳል

ምክንያቱ ሙቀቱ ነው። ሳምቡሳ የሚጠበሰው 180 ዲግሪ ገደማ በሆነ ዘይት ነው። እሳቱ ሳይቀነስ ከተረሳ ዘይቱ መጀመሪያ መጨስ ይጀምራል። ሙቀቱ 360 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ክብሪት ሳይነካው፣ ነበልባል ሳይደርሰው፣ በራሱ ይቀጣጠላል። እኚህ እናት ደንበኛ ለማስተናገድ ወደ በሩ ወጥተው ነበር። ጋዙ ላይ 5 ሊትር ያህል ዘይት እየጋለ ቀረ።

ዱቄቱ የሚሠራው ነበልባሉ ላይ ነው። የመንደዱን ሂደት ይቆርጠዋል፣ እሳቱም በሰከንድ ውስጥ ይወድቃል። ዘይቱን ግን አያቀዘቅዘውም። 5 ሊትር ዘይት ከ300 ዲግሪ በላይ እንደጋለ እዚያው አለ። የዱቄቱ ደመና ሲገለጥ አየር ያገኛል፣ እንደገናም ይነሳል። አንዴ የነደደ ዘይት ደግሞ ከአዲሱ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚቀጣጠል ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይፈጥናል። ባለ 6 ኪሎ ሲሊንደር እጀታው ተይዞ ከቆየ ሃያ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፣ ያልቃል። ሁለቴ ካጠፉ በኋላ ሦስተኛ ዕድል አልነበራቸውም።

ለዚህ እሳት የተሠራው ማጥፊያ ዌት ኬሚካል ይባላል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ የፖታሲየም ጨው የተሟሟበት ውሃ ነው። በረጅም ዘንግ በስሱ ሲረጭ ከጋለው ዘይት ጋር ተዋህዶ ሳሙና ይሆናል። ማጋነኔ አይደለም፤ አመድ ውስጥ ያለው ፖታሽና ሞራ ሲገናኙ ሳሙና የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው። የሳሙናው አረፋ ዘይቱን እንደ ክዳን ይሸፍነዋል፣ ውሃው ደግሞ ያቀዘቅዘዋል። እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ካልመጡ የዘይት እሳት አይለቅም።

ስትገዙ ሲሊንደሩ ላይ ያለውን ፊደል እዩ። በአውሮፓ ደንብ የተሠራው ለምግብ ዘይት ኤፍ የሚል ፊደል አለው፣ ብዙ ጊዜም ቢጫ መስመር ይኖረዋል። በአሜሪካ ደንብ ከሆነ ፊደሉ ኬ ነው። «ይሄ ለሁሉም ይሆናል» የሚላችሁ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ የሚያሳያችሁ ኤቢሲ የተጻፈበትን የዱቄት ማጥፊያ ነው። ለእንጨት፣ ለነዳጅ፣ ለመብራት እውነቱን ነው። ለመጥበሻ ግን አይደለም።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ከተቻለ ጋዙን መጀመሪያ ዝጉ። ከመጥበሻው አንድ ሜትር ራቅ ብላችሁ፣ ዘንጉን ከፍ አድርጋችሁ፣ ፈሳሹ ከላይ በዝግታ እንዲወርድበት እያዟዟራችሁ ርጩ። ነበልባሉ ጠፋ ብላችሁ አታቁሙ፤ እስኪያልቅ ቀጥሉ።

ዌት ኬሚካል ካጣችሁ ከዱቄቱ በፊት የሚቀድመው ክዳን ነው። ከመጥበሻው የሚሰፋ፣ ብረት የሆነ። የኤሌክትሪክ ምጣድ አክምባሎ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። የሣሩና የጭቃው ግን አይሆንም፣ እሱ ራሱ ይነዳል። ክዳኑን እንደ ጋሻ ፊት ለፊት ይዛችሁ በእናንተ በኩል ካለው ጠርዝ ጀምራችሁ ወደፊት አንሸራትቱት። ከላይ አትጣሉት፣ ዘይቱን ያስፈነጥራል። ከዚያ ግማሽ ሰዓት እንኳ ቢሆን አትክፈቱት። ያቺ የጎረቤት ልጅ አንዴ ገለጥ አድርጋ ልታይ ነበር፤ እናትየው እጇን ያዟት። ደግ አደረጉ።

እጃችሁ ላይ ያለው ዱቄት ብቻ ከሆነስ? ሦስት አራት ሜትር ራቁ። ግፊቱ ዘይቱን በቀጥታ እንዳይመታው ከፍ አድርጋችሁ ርጩ፣ ዱቄቱ እንደ ጉም ይውረድበት። ነበልባሉ በወደቀበት ቅጽበት ሌላ ሰው ክዳኑን ይድፋ። ሰውና ክዳን ሳይዘጋጁ ዱቄቱን መጀመር ሲሊንደሩን በከንቱ ማፍሰስ ነው።

ችግር፦ እሳቱ ጣሪያ ድረስ ዘለለ

ይሄ የውሃ ሥራ ነው። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል። እዚያ ሲደርስ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃ 1,700 ሊትር ገደማ እንፋሎት ይወጣዋል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ትንሽ ኩሽና የሚሞላ የሚነድ ዘይት ሊበትን የሚችለው ለዚህ ነው። ከረጠበ ፎጣ የሚንጠባጠብ ውሃም ያው ነው። ሰው ተቃጥሎ የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ፣ ወይም የሚነደውን መጥበሻ ተሸክሞ ወደ ደጅ ከመሮጥ ነው። መጥበሻው ካለበት አይነሳ።

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያም እዚህ ጋ አይረዳም። ግፊቱ ዘይቱን ይገፋዋል፣ ጋዙም በኖ ሲያልቅ እሳቱ ይመለሳል።

ችግር፦ የዲቫይደሩ እሳት ጠፍቶ እንደገና ይጨሳል

ኮረንቲው አልተቆረጠም ማለት ነው። የላላ ሶኬት ወይም ከአቅሙ በላይ የተጫነ ዲቫይደር ሙቀቱን የሚያገኘው ከመስመሩ ነው። የምጣድ ሶኬት የተሰካበትን ቀጭን ዲቫይደር ያየ ሰው ይገባዋል። መስመሩ እስካለ ድረስ ማንኛውም ማጥፊያ የሚያጠፋው ለጊዜው ነው። ስለዚህ ብሬከሩን አውርዱ፣ ከቆጣሪው ዝጉ። ሶኬቱን ለመንቀል ወደ ነበልባሉ እጅ አትስደዱ።

ከማጥፊያ ለዚህ የሚመረጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሲሊንደሩ ላይ CO2 ተብሎ ተጽፎበታል፣ አፉም እንደ ጥሩምባ ሰፊ ነው። ኮረንቲ አያስተላልፍም፣ ምንም ቅሪት አይተውም። ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ስልክ ጥገና ቤት፣ ኮምፒውተር ያለበት ቢሮ ይሄን ይያዝ። ዱቄትም እሳቱን ያጠፋዋል፤ ግን እርጥበት ስቦ ብረትና ቦርድ ይበላል። እሳቱ ያላበላሸውን ዕቃ ዱቄቱ ያበላሻል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሲረጭ ጥሩምባው በጣም ስለሚቀዘቅዝ ባዶ እጅ አይያዝም፣ ቆዳ ያቃጥላል። በጠባብ ክፍል ደግሞ ጋዙ የምትተነፍሱትን አየር ያሳጣል። ረጭታችሁ ቶሎ ውጡ፣ በሩንም ክፈቱ። ውሃ፣ አረፋ የሚረጨው ፎምና ዌት ኬሚካል ኮረንቲ ባለበት ነገር ላይ አይረጩም።

አንድ የፊደል ወጥመድም አለ። ሲ የሚለው ፊደል በአሜሪካ ደንብ የኤሌክትሪክ እሳት ሲሆን፣ በአውሮፓው ደንብ ግን የጋዝ እሳት ነው። ፊደሉን ብቻ አትመኑ፣ ሥዕሉንም እዩ።

ችግር፦ የቤንዚኑ እሳት ከፊታችን ሸሽቶ ሌላ ጥግ ይነሳል

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የባጃጅ ጋራዥ በሃይላንድ የተቀዳ ቤንዚን ተደፍቶ ነደደባቸው። ልጁ ዱቄቱን ይዞ አጠገቡ ደረሰና መሀሉ ላይ ለቀቀው። ግፊቱ የሚነደውን ቤንዚን ወደ ጎማዎቹ ገፋው። ስህተቱ ሌላ ሳይሆን ርቀቱ ነበር። ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ፣ ከሦስት አራት ሜትር ጀምሩ። ወደ እናንተ ከቀረበው የእሳቱ ጠርዝ፣ ከሥሩ፣ ግራና ቀኝ እያጠባችሁ ወደፊት ሂዱ።

ከጠፋ በኋላ ያለው ደግሞ የትነቱ ጉዳይ ነው። ቤንዚን በክረምትም ቢሆን ይተናል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሳባል፣ ወዲያ ማዶ ያለ የሻይ ምድጃ ጋ ደርሶ እሳቱን ይዞ ይመለሳል። ዱቄት ይህን አያግድም። የሚያግደው ፎም ነው፤ ነዳጁ ላይ ተንሳፍፎ ትነቱን ያፍነዋል። ፎሙን ነዳጁ ውስጥ አትወርውሩት። ከኋላ ያለውን ግድግዳ ምቱና በራሱ ፈሶ ይሸፍነው። በርሜል ለሚያስቀምጥ ሰው ፎምም ዱቄትም ቢኖረው ጥሩ ነው። ለትንሽ ፍሳሽ ደረቅ አሸዋ ይበቃል። የኤታኖል ምድጃ ያለበት ቤት ግን ተራ ፎም አይሆነውም፤ አልኮል አረፋውን ይበላዋል፣ አልኮል የሚቋቋም ተብሎ የተጻፈበት ያስፈልጋል።

ችግር፦ እጀታው ተጫነ፣ ምንም አልወጣም

ፒኑ መነቀሉን እዩ። በድንጋጤ የሚረሳው እሱ ነው። ቀጥሎ የግፊት መለኪያዋ መርፌ፤ ከአረንጓዴው በታች ከሆነች ግፊት የለም። ብዙ ሰው «ትንሽ ነው የረጨሁት፣ ቀሪው አለ» ብሎ መልሶ ይሰቅለዋል። የዱቄት ቅንጣት መዝጊያው ላይ ስለሚቀር ግፊቱ ቀስ እያለ ያልቃል። አንዴ ከተረጨ ይሞላ። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መርፌ የለውም፤ ሚዛን ላይ አውጥታችሁ ሲሊንደሩ ላይ ከተጻፈው ክብደት ጋር አስተያዩት።

እኚያን እናት በማግስቱ ሄጄ ዱቄቱን ከምድጃው በላይ ከሰቀሉበት አወረድኩላቸው። እሳት ቢነሳ እንዴት ብለው ሊደርሱበት ነበር? አሁን በሩ አጠገብ ነው ያለው፣ ለእንጨቱና ለመጋረጃው። ለመጥበሻው ዌት ኬሚካል እስኪገኝ አክምባሎው ግድግዳው ላይ ምስማር ተመቶለት ተሰቅሏል። «እንጀራ ስጋግርስ?» አሉኝ። ሌላ ይግዙ አልኳቸው።