የሴንሰርን ምልክት ስናጎላ ኦፕ-አምፑ የት ላይ እንደሚቆም እንወቅ

LM35 የተባለው የሙቀት ሴንሰር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 10 ሚሊቮልት ስለሚሰጥ፣ በ100 ዲግሪ እንኳ የሚያወጣው 1 ቮልት ብቻ ነው፤ ስለዚህ እስከ 3.3 ቮልት ከሚቀበል የአናሎግ-ዲጂታል መቀየሪያ ጋር በቀጥታ ቢገናኝ ከክልሉ ሁለት ሦስተኛው ያህል ሳይሠራበት ይቀራል። ምልክቱን ሦስት እጥፍ ለማድረግ ሴንሰሩን ከኦፕ-አምፑ የፕላስ መግቢያ ጋር ማገናኘት፣ ከዚያም ከመውጫው ወደ ማይነስ መግቢያው 20 ኪሎ ኦም፣ ከማይነስ መግቢያው ወደ ግራውንድ ደግሞ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ማስገባት ይበቃል፦ `1 + 20/10 = 3`።

እኔን ለረጅም ሰዓት ያደከመኝ ግን ስሌቱ ሳይሆን የኦፕ-አምፑ ምርጫ ነበር። LM358 መውጫውን ከኃይል ምንጩ 1.5 ቮልት ገደማ ዝቅ ብሎ ስለሚያቆም፣ በ3.3 ቮልት ሲሠራ ከ1.8 ቮልት ብዙም አያልፍም፤ ይህም ንባቡን 60 ዲግሪ አካባቢ ያስቀረዋል። ሴንሰሩን እያሞቁ የሴንሰሩን መውጫ በመልቲሜትር ሲለኩ ቮልቴጁ መጨመሩን ከቀጠለና ንባቡ ከቆመ፣ ጥፋቱ የኮዱ አይደለም።

መፍትሔው መውጫው እስከ ኃይል ምንጩ ጥግ የሚደርስ፣ ለምሳሌ MCP6002ን፣ በዚያው በ3.3 ቮልት ማሠራት ነው፤ እንዲህ ሲሆን መውጫው ከመቀየሪያው ክልል ስለማያልፍ መግቢያውን አይጎዳም። LM35 ራሱ ግን ቢያንስ 4 ቮልት ስለሚፈልግ በ5 ቮልት ይሥራ።