ከረንት ሶርሱ ሁለት ሉፕ መሃል ሲቀመጥ፦ በሱፐርሜሽ እንዴት ይሠራል

ባህር ዳር ፖሊ ግቢ ሰርኪት የሚማሩ ልጆችን ቲቶሪያል ሳስጠና ሜሽ አናሊሲስ ላይ ብዙም አይቸገሩም። ባትሪና ሬዚስተር ብቻ ከሆነ ሸጋ አድርገው ይሠሩታል። ሁለቱ ሉፖች በሚጋሩት መሃለኛ መስመር ላይ ከረንት ሶርስ የገባ ቀን ግን እስክሪብቶው ይቆማል። መቆሙም ልክ ነው፤ የለመዱት መንገድ እዚያ ላይ እውነትም አይሠራም።

ለምን? ሜሽ አናሊሲስ ማለት ሉፑን እየዞሩ ቮልቴጁን ሁሉ ደምሮ ዜሮ ማድረግ ነው። የሬዚስተሩን ቮልቴጅ ከኦም ሕግ ታገኙታላችሁ፣ የባትሪው ደግሞ ጎኑ ላይ ተጽፏል። ከረንት ሶርስ የሚነግራችሁ ግን ከረንቱን ብቻ ነው። በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ስንት ቮልት እንደሚኖር የሚወስነው የተቀረው ሰርኪት ስለሆነ 5 ሊሆን ይችላል፣ 500 ሊሆን ይችላል፣ ኔጌቲቭም ሊሆን ይችላል። እና እዚያ ስትደርሱ ምን ትጽፋላችሁ?

ወረቀት አውጡና ይህን ሰርኪት ሳሉት።

```
  +---[4Ω]---+---[3Ω]---+
  |          |          |
(36V)      (3A ↑)     [5Ω]
  |          |          |
  +----------+----------+
```

የባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ላይ ነው። የመሃሉ ሶርስ 3 አምፔር ወደ ላይ ይገፋል።

መጀመሪያ ሶርሱ እውነት የጋራ መሆኑን እዩ። ከረንት ሶርሱ ዳር ላይ ቢሆን፣ ማለትም አንድ ሜሽ ብቻ ቢነካው፣ የዚያ ሜሽ ከረንት ሳትሠሩ ተሰጥቷችኋል ማለት ነው፤ ሱፐርሜሽ የሚባል ነገር አያስፈልግም። እኛ ጋ ግን ግራውም ቀኙም ስለሚነኩት የጋራ ነው።

ቀጥሎ ለሁለቱም ሜሽ ከረንት ስም ስጡ፣ የግራውን i1፣ የቀኙን i2 በሉና ሁለቱንም በሰዓት አዟዟር አዙሯቸው። አቅጣጫው የፈለጋችሁት ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱን አንድ ዓይነት ማድረግ ግን በኋላ ምልክት ላይ ከመደናገር ያድናል።

አሁን የመሃሉን መስመር ብቻ ተመልከቱ። i1 እዚያ ሲደርስ ወደ ታች ይወርዳል፣ i2 ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ሶርሱ ወደ ላይ 3 ነው ብሏል። ስለዚህ ወደ ላይ የሚወጣው ሲቀነስ ወደ ታች የሚወርደው 3 ይሆናል፦

```
i2 - i1 = 3
```

የመጀመሪያዋ እኩልታ ይህች ናት። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ከቀስቱ ጋር አብሮ የሚሄደው ከረንት ቀድሞ ይጻፋል፣ ቀስቱን የሚቃወመው ይቀነሳል። ለምን ይህን ያህል እንደማጠብቀው ከታች ታዩታላችሁ።

ሁለተኛዋ እኩልታ ናት ሱፐርሜሽ የምትባለው። የመሃሉን መስመር ለጊዜው በእጃችሁ ሸፍኑት። የቀረው አንድ ትልቅ ሉፕ ነው፤ ባትሪው፣ 4Ω፣ 3Ω፣ 5Ω፣ ተመልሶ ባትሪው። እሱን ዙሩት፦

```
-36 + 4*i1 + 3*i2 + 5*i2 = 0
```

ሉፑ አንድ ቢሆንም ከረንቱ አንድ አይደለም። በግራው ግማሽ የሚሄደው i1 ነው፣ በቀኙ i2። ብዙ ልጆች መስመሩን ሲሸፍኑት ሶርሱ የተነቀለ ይመስላቸውና ዙሪያውን በሙሉ በአንድ ከረንት ይሞሉታል። ሶርሱ አልተነቀለም። እኛ ዞረን አለፍነው እንጂ እሱ እዚያው ተቀምጦ 3 አምፔሩን እየገፋ ነው።

አንድ ልጅ ጥሩ ጥያቄ ጠይቆኛል። «ቲቸር፣ የሶርሱን ቮልቴጅ ባናውቀውም በፊደል ጠርተን ለምን እንደ ድሮው ሁለቱን ሉፕ ለየብቻ አንሠራቸውም?» ይቻላል፣ ማንም አይከለክልም። የሶርሱን ቮልቴጅ v እንበለው፣ ፖዘቲቩ ወደ ላይ፦

```
-36 + 4*i1 + v = 0
 -v + 3*i2 + 5*i2 = 0
```

ሁለቱን ደምሯቸው። v ከ -v ጋር ይጣፋና የቀረችው ራሷ የሱፐርሜሽ እኩልታ ናት። ሱፐርሜሽ እንግዲህ አዲስ ሕግ አይደለም፤ ይህን መደመር በወረቀት ፈንታ በዓይን መሥራት ነው። v አንዱ ሉፕ ውስጥ ሲደመር ሌላው ውስጥ ስለሚቀነስ ሁሌም ይጠፋል። የማይቻለው v ን ዜሮ ብሎ ማለፍ ነው፣ እሱን የሚያደርግ ሰው ደግሞ በየክፍሉ አይጠፋም። እንዲህ ስታደርጉ ግራው i1 = 9 ይሰጣችኋል፣ ቀኙ i2 = 0፣ ልዩነታቸውም ከ3 ጋር ምንም አይገናኝም።

መፍታቱ ከዚህ ወዲያ ቀላል ነው። ትልቋን እኩልታ ለ4 አካፍሏትና i2 ባለበት i1 + 3 አስገቡ፦

```
i1 + 2*i2 = 9
i1 + 2*(i1 + 3) = 9
i1 = 1 A
i2 = 4 A
```

አሁን ማረጋገጥ። አብዛኛው ሰው የሚያረጋግጠው ትልቁን ሉፕ መልሶ በመዞር ነው፦ 4 ሲደመር 12 ሲደመር 20፣ 36 ሆነ፣ ተመስገን ብሎ ገጹን ይገለብጣል። ይህ ማረጋገጫ ግን ዋናውን ስህተት አይዝም። የሶርሱን ቀስት ገልብጣችሁ i1 - i2 = 3 ብላችሁ ነበር እንበል። መልሱ i1 = 5፣ i2 = 2 ይመጣል። ሉፑን ዙሩት፦ 20 ሲደመር 6 ሲደመር 10፣ አሁንም 36! ሁለቱም መልስ ሉፑን ያልፋል፣ ምክንያቱም የሉፑ እኩልታ ስለ ሶርሱ ምንም አታውቅም፤ ሆን ብለን እኮ ነው ዞረን ያለፍነው።

ስለዚህ ኖዱን ፈትሹ። ከመሃለኛው መስመር በላይ ሦስት ሽቦ የሚገናኝበት ነጥብ አለ። ከግራ 1 አምፔር ይገባል፣ ከታች ከሶርሱ 3 ይገባል፣ ወደ ቀኝ 4 ይወጣል። ልክ። የተገለበጠውን ስትሞክሩት ከግራ 5፣ ከታች 3 ይገባና ወደ ቀኝ የሚወጣው 2 ብቻ ነው፤ 6 አምፔር የት ገባ? ተያዘ።

የሶርሱን ቮልቴጅ ከተጠየቃችሁ አሁን ነው የሚወጣው፣ ቀድሞ አይደለም። ከአንዱ ሉፕ ውሰዱት፦ በግራ 36 ሲቀነስ 4 ማለት 32 ቮልት። በቀኝም 8 ሲባዛ በ4፣ ያው 32። በዚህ ፓወሩንም ማየት ይቻላል፦ ባትሪው 36 ዋት፣ ከረንት ሶርሱ 96 ዋት ይሰጣል፣ ድምሩ 132፤ ሬዚስተሮቹም 4፣ 48 እና 80 ዋት ይበላሉ፣ እሱም 132።

ፈተና ላይ የምትወደድ ወጥመድ አለች፦ ከመሃሉ ሶርስ ጋር በተከታታይ አንድ ሬዚስተር፣ 2Ω እንበል፣ ይጨመርበታል። ልጆቹ ሲያዩት ሱፐርሜሹ ውስጥ ሊከቱት ይታገላሉ። አይገባም። የሸፈናችሁት ሶርሱን ብቻ ሳይሆን መስመሩን በሙሉ ነው፣ ሬዚስተሩም አብሮ ይሸፈናል። i1 እና i2 ያው 1 እና 4 ናቸው። የሚቀየረው የሶርሱ ቮልቴጅ ብቻ ነው፤ ከላይ ያለውን 32 ቮልት ጠብቆ በ2Ω ላይ የሚወድቀውን 6 ቮልት ጭምር መሸፈን ስላለበት 38 ይሆናል። ሬዚስተሩ ከሶርሱ ጎን በትይዩ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በመካከላቸው ሦስተኛ ሜሽ ይፈጠራል፣ እሱን እንደ ተራ መስመር መሸፈን አይቻልም።

ላብ ውስጥ ልሥራው ለሚል ሁለት ነገር። የቁጥሮቹን መጠን እንዳለ አትውሰዱ፣ 80 ዋት በሩብ ዋት ሬዚስተር ላይ ብትለቁ ጭሱ ብቻ ነው የሚተርፋችሁ። ኦሙን ኪሎኦም፣ አምፔሩን ሚሊአምፔር አድርጉት፤ ቮልቴጁ ሁሉ እንዳለ ይቆያል። ሌላው፣ ላብ ላይ ከረንት ሶርስ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ከረንቱ የተገደበ ፓወር ሰፕላይ ነው፣ እሱ ደግሞ የቮልቴጅ ጣሪያ አለው። ጣሪያው 30 ቮልት ከሆነ የኛ ሰርኪት የሚጠይቀውን 32 ሊሰጥ አይችልም። እዚያ ሲደርስ ከረንት ሶርስ መሆኑን ይተውና የ30 ቮልት ባትሪ ይሆናል፦ i1 1.5 ይሆናል፣ i2 3.75፣ የመሃሉ ሜትርም 3 ሳይሆን 2.25 ሚሊአምፔር ያነባል። ሂሳባችሁ ስህተት አይደለም፣ ዕቃው ነው የደከመው። ሶርሱ ላይ ያለውን ቮልቴጅ በሜትር ለክታችሁ 30 ላይ ተገትሮ ካገኛችሁት ነገሩ እሱ ነው።

ሜሽ ሲበዛ አካሄዱ አይለወጥም። ሦስተኛ ሜሽ ከላይ ተጨምሮ 3Ωውን ቢጋራ፣ ትልቁን ሉፕ ስትዞሩ እዚያ ላይ 3*(i2 - i3) ትጽፋላችሁ፣ ለሦስተኛውም የራሱን ተራ የሉፕ እኩልታ ትሠራላችሁ። ሦስት ሜሾች በሁለት የጋራ ከረንት ሶርሶች ከተያያዙ ደግሞ ሦስቱም አንድ ሱፐርሜሽ ይሆናሉ፦ አንድ የሉፕ እኩልታ፣ ሁለት የመቀነስ እኩልታ። የማይታወቀው ስንት ከሆነ እኩልታውም ያን ያህል መሆኑን ቁጠሩ። አንድ ካነሰ የረሳችሁት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሶርሱን የመቀነስ እኩልታ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ሱፐርሜሹ ራሱ አያስፈልግም። በሰርኪታችን ላይ 5Ωውን አውጥታችሁ ወደ ታች የሚገፋ የ4 አምፔር ሶርስ ብታስገቡበት፣ እሱ ዳር ላይ ስለሆነ i2 = 4 ተሰጥቷል፣ ከመሃሉም i1 = 1 ይወጣል። ይህን ሳያዩ ትልቁን ሉፕ ለመዞር የሚነሳ ሰው የዳሩ ሶርስ ጋ ሲደርስ እንደገና የማይታወቅ ቮልቴጅ ይጠብቀዋል።