አስም ያለበት ሰው ባለበት ቤት ዕጣን እንዴት ይጨሳል?

እህቴ አስም አለባት። ቤታችን ያለ ቡና፣ ቡናውም ያለ ዕጣን አይሆንም፤ ስለዚህ ጭሱን መቀነስ ግድ ሆነብን።

መጀመሪያ መስኮት ክፈቱ፤ ቢቻል ከትይዩው በሩንም። ብዙ ሰው ሽታው እንዳይወጣ ብሎ ይዘጋል፤ እኔ ግን ሽታው ቢቀንስ ይሻላል እላለሁ።

ዋናው ነገር ከሰሉ ነው። ከሰል ውጭ ይቀጣጠል፤ ጥቁሩ ጠፍቶ ፍም እስኪሆን እዚያው ይቆይ። ጭሱ ጠፋ ማለት ግን አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። አመድ የለበሰ ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ቡና ሲፈላ አብሮ የተቀመጠው ሰው ራሱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ካቅለሸለሸው «ቡናው ነው» አትበሉ፤ ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ። ፍም ያለበትን ማጨሻ መኝታ ክፍል አስገብቶ መተኛት ደግሞ ይገድላል።

ማጨሻው ላይ አንድ ትንሽ ፍም ይበቃል። ዕጣኑን ፍሙ ላይ በቀጥታ አትጣሉት፤ ቀጭን አመድ አልብሱትና የሽንብራ ፍሬ የምታህል ዕጣን ከላይ አስቀምጡ። እንዲህ ሲሆን ዕጣኑ ቀስ ብሎ ቀልጦ፣ አረፋ እየሠራ ይሸታል። በቀጥታ ሲጣል ግን ይቃጠላል፤ ጭሱ ይወፍራል፣ ሽታው ይኮመጥጣል፣ ዓይን ያቃጥላል። ሳንባ ድረስ የሚገቡት ደቃቅ ብናኞችም ይበዛሉ፤ የአስም በሽተኛን የመተንፈሻ ቱቦ የሚያስቆጡት እነዚህ ናቸው። ዕጣኑ ጠቁሮ ሲያር ቆንጥራችሁ አውጡት። ሰንደልም ያው ጭስ ነው፤ ከእንጨቱ ጋር አብሮ ስለሚነድ እኔ አልመርጠውም።

ሽታ ያለው ሻማ ከሆነ ክሩን ወደ 5 ሚሊሜትር ቁረጡት፤ ረጅም ክር ጥላሸት ያወጣል። የሚረጭ የአየር ማደሻ ግን ብትተዉት ደስ ይለኛል። መጥፎውን ሽታ አያስወጣም፣ ሌላ ይደርብበታል። የሎሚና የብርቱካን ሽታ የሚሰጠው ሊሞኒን አየር ውስጥ ካለ ኦዞን ጋር ሲገናኝ ደግሞ ፎርማልዲሃይድ ይፈጥራል፤ ይህም ጉሮሮና ዓይን ያስቆጣል። ቆሻሻውን ማውጣት ከሱ ይሻላል።

የትኛው እንደሚጎዳ ለመለየት ሁሉንም ለሁለት ሳምንት አቁሙ። የሌሊት ሳሉን፣ ደረት ላይ የሚሰማውን ሲር ሲር የሚል ድምፅና ቬንቶሊን የሚባለው የሚሳብ የአስም ማስታገሻ የተወሰደበትን ቀን ጻፉ። ከዚያ አንዱን ብቻ መልሱ። እህቴ ጋ መጀመሪያ የመለስነው ማደሻውን ነበር፤ ሳሉ ተመለሰ። አመድ ላይ የተደረገውንና መስኮት ተከፍቶ የሚጨሰውን ዕጣን ግን ችላዋለች። ሌላ ሰው እሱንም ላይችል ይችላል፤ ካልቻለ እሱ ባለበት አይጨስ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ቬንቶሊን በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ አስሙ በቁጥጥር ሥር አይደለም፤ መድኃኒቱን የሚያስተካክል ሐኪም ዘንድ ሂዱ።